ምንጭ የሚለካው በሚያዝያ ነው
በውሃ ሥራ ሙያ ማሠልጠኛ የምረቃ በዓል ላይ በተመራቂዎች ስም የቀረበ ንግግር



በክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ በዚህ ቀን በጓደኞቹ ስም እንዲናገር ልማድ ነውና እነሆ ቆመናል። የሚናገረው አንድ አፍ ቢሆንም ንግግሩ የሠላሳ አራታችን ነው። ትናንት ማታ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሲሰርዝ፣ መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ተከራክረንበታል። ስለዚህ በመካከሉ የሚያስቅ ነገር ብትሰሙ ማን እንደጻፈው እናንተው ትገምታላችሁ። የሚያስተኛ ነገር ብትሰሙም እንዲሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባል። መምህራኖቻችንን የምናመሰግነው ስለ ትዕግሥታቸው ነው እንዳንል፣ አንዳንዶቹ ትዕግሥት አልነበራቸውም። የግንባታ መምህራችን ሲሚንቶው በሚገባ ያልታሸበትን ግንብ በእግራቸው ገፋ አድርገው ሲያፈርሱት በዓይናችን አይተናል። ዛሬ ግን ስለዚያ እግር እናመሰግናቸዋለን፤ በአንድ ሕዝብ መጠጥ ላይ ከሚፈርስ ግንብ በማሠልጠኛው ግቢ የፈረሰው ይሻላልና። ወጥ ቤት ውስጥ ስለ ደከሙት እናቶቻችንም እንናገራለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሮ በልተናል፤ ነገር ግን ከጉድጓድ ቁፋሮ ጭቃ ሆነን ስንመለስ ሽሮው ትኩስ ያልነበረበት ቀን አናስታውስም። ዘበኛችን ጋሼም አሉ። ሌሊት ሲዞሩ ከመኝታ ክፍላችን «አርባ ሦስት፣ አርባ አራት፣ አርባ አምስት» የሚል ድምፅ እየሰሙ በጉ ጠፍቶበት የሚቆጥር ልጅ መስሏቸው ነበር። ጓደኛችን ግን በእንቅልፉ የሚቆጥረው የፓምፕ እጀታ ነበር። ስለዚያ ቁጥር በኋላ እንመለስበታለን።

ከየአጥቢያው የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፣ እናንተ ከየቤታችሁ ያዋጣችሁት ገንዘብ በምን እንደ ዋለ ብትጠይቁ የምንመልሰው አለን። በገመድ፣ በሲሚንቶ፣ በቧንቧ መቁረጫ መጋዝ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በልምምድ ቦታ ውሏል። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ምንጭ አያጎለብትም። እኛን ያስተማረን ከማሠልጠኛው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ነው። የዚያ መንደር ሰዎች ገና ያልጨረሰ ተማሪ በሚጠጡት ውሃ ላይ እንዲማር ፈቅደዋልና፣ ከመካከላቸው ዛሬ እዚህ የተገኙትን ቆመን እናመሰግናለን።

እንግዲህ ስለዚያ ምንጭ ጥቂት እንድንተርክ ይፈቀድልን፤ ለጓደኞቻችን ልንል የምንፈልገው ሁሉ ከእርሱ የወጣ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራችን መለካት ነበር። ምንጩ ወደ አንድ አጭር ቧንቧ እንዲሰበሰብ በጭቃ ጥቂት ከተርንና ከሥሩ ጀሪካን አስቀምጠን በሰዓት እንቆጥር ጀመር። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይባላል እንጂ እስከ አፉ ከሞላ ከሃያ ይበልጣል፤ ስለዚህ አስቀድመን ሃያ ሊትር በመለኪያ ጨምረን በውጭው በሚስማር ጭረናል። ከዚያ ጭረት እስኪደርስ እንቆጥራለን፤ ሦስት ጊዜ እንደግማለን፤ አማካዩን እንጽፋለን። አንዲት እናት ማድጋቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ እንዳይሰረቅ የምትጠብቁት ውሃውን ነው ወይስ ሰዓቱን?» አሉን። ሁለቱንም ነው ብለን መለስን።

በነሐሴ ስንለካ ሃያው ሊትር በአሥራ ሁለት ሴኮንድ ሞላ። በዚህ ሒሳብ ምንጩ በሰዓት 6,000 ሊትር፣ በቀንና ሌሊት 144,000 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በእቅድ ወረቀት ላይ ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ይህ ምንጭ ከ5,700 ለሚበልጥ ሕዝብ ይበቃል። ሁለት ቀበሌ ያጠጣል ብሎ ለመፈረም የሚያስጎመጅ ቁጥር ነው። መምህራችን ግን እርሳሱን ከእጃችን ወስደው «ሚያዝያ ድረስ አይጻፍም» አሉ።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ያ ዓመት የበልግ ዝናብ የዘገየበት ነበርና ምድሩ ደርቆ ሳለ፣ ተመልሰን ለካን። ያው ጀሪካን ለመሙላት አምሳ ሴኮንድ ፈጀ። አሁን በሰዓት 1,440 ሊትር፣ በቀንና ሌሊት 34,560 ሊትር ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ለ1,380 ሰው ያህል ነው። በመንደሩ 240 አባወራ አለ፤ በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢታሰብ 1,200 ነፍስ ይሆናል፤ የሚያስፈልጋቸውም በቀን 30,000 ሊትር ነው። ስለዚህ ምንጩ ለዚህ መንደር ይበቃል፤ ለሁለተኛው ቀበሌ ግን አይበቃም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሰው ውሃ የሚቀዳው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው እንበል። በእነዚያ አሥራ ሦስት ሰዓታት የሚወጣው 18,720 ሊትር ብቻ ነው። ከ30,000 የጎደለው ውሃ የት ሄደ? ሌሊቱን ሙሉ ወደ ወንዝ ፈሰሰ። ሰው ሲተኛ ምንጭ አይተኛም። ስለዚህ በአሥራ አንዱ የሌሊት ሰዓታት የሚወጣውን 15,840 ሊትር የሚይዝ ሪዘርቫየር ካልተሠራ፣ በወረቀት ላይ የሚበቃው ውሃ በቦኖው ዘንድ አይበቃም፤ ወረፋውም ከጠዋት እስከ ማታ ይዘልቃል። እኛ የአሥራ ስድስት ሜትር ኩብ ሪዘርቫየር እንዲሠራ አስልተን አቀረብን፤ ተሠራም። ያቺ እናት ዛሬ ማድጋቸውን ሞልተው የሚመለሱት ከቡናቸው በፊት ነው።

ወደ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የምትመደቡ አሥራ አንድ ጓደኞቻችን፣ ይህ ለእናንተ ነው። ጠረጴዛ ይሰጣችኋል፤ ምናልባትም ማኅተም። የማኅተሙ ነገር ይቆየንና፣ ወደ ፊት በእጃችሁ በሚያልፍ ማንኛውም የምንጭ መጠን ጎን የተለካበት ወር ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ወሩ ያልተጻፈበት ቁጥር ቁጥር አይደለም። ከላይ የተቀመጠ ሰው «አሁን ጊዜ የለም፣ በነሐሴው ይሠራ» ቢላችሁ፣ ጎርፉን ሳይሆን ምንጩን ለመለካት እንደምትፈልጉ በትሕትና ንገሩት። ያስቆጣዋል። ነገር ግን ለ5,700 ሰው የተባለ ቦኖ በሚያዝያ ለ1,380 ብቻ ሲሆን የሚቆጡት 4,300 ሰዎች ይበልጣሉ።

በግንባታ ሥራ ልትሰማሩ ያሰባችሁ ደግሞ አላችሁ። ሰባት ጓደኞቻችን ተደራጅተው የምንጭ ማጎልበት ሥራ በኮንትራት ሊወስዱ ነው። ስማቸውን ገና አላወጡም፤ ሊቀመንበራቸውን ግን መርጠዋል። እነዚህ ወንድሞችና እህቶች ግንብ ያውቃሉ፤ ስለ ግንብ አናስተምራቸውም። ለማስታወስ የምንሻው ከአንድ ሌላ ቦታ ለጉብኝት ሄደን ያየነውን ነው። ስሙን አንጠራም።

በዚያ ቦታ ሳጥኑ እጅግ ያማረ ነበር። ልስኑ እንደ መስተዋት፣ ክዳኑ የተቆለፈ፣ ቀኑ በሲሚንቶ ላይ የተጻፈ። ቧንቧው ግን ደረቅ ነበር። ከሳጥኑ በስተ ግራ ሃያ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ግን መሬቱ ረጥቦ፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ከብት ይረግጠው ነበር። ይህ የሆነው የትርፍ ውሃ ማስወጫው ከምንጩ ዐይን በላይ ስለተቀመጠ ነው። ውሃው እስከዚያ ቧንቧ ድረስ እንዲወጣ ሲገደድ በዐይኑ ላይ ክብደት ይሆንበታል። በምድር ውስጥም ከሚከብደው ይልቅ የሚቀለውን መንገድ ይፈልጋልና በሌላ ስንጥቅ ወጣ። አንድ ጊዜ አዲስ መንገድ ያገኘ ምንጭ ደግሞ ሳጥኑ ቢፈርስለትም ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ በቁፋሮው ጊዜ ውሃው ከጠንካራው ሽፋን ላይ የሚወጣበትን ዐይን እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ቆፍሩ፤ ከታች ያለውን ጠንካራ ሽፋን ግን አትንኩት፤ ከተበሳ ውሃው በዚያው ይሰምጣል። ዐይኑ የተገኘበትን ከፍታ በድንጋይ ላይ ምልክት አድርጉበት። ትርፍ ማስወጫውን ከዚያ ምልክት በታች አስቀምጡ። ከዐይኑ ፊት የታጠበ ድንጋይና ጠጠር፣ ከዚያ በላይ የተደቀደቀ ሸክላ አፈር አልብሱ፤ ከበላዩም የዝናብ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ቆፍሩ፤ ከብትም እንዳይገባ እጠሩ። ሥራው ካለቀ በኋላ ሂዱና ከመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ውሃውን በጠርሙስ ቅዱ። ከደፈረሰ የላይ ጎርፍ እየገባ ነው፤ ሸክላው ወይም ቦዩ አንድ ቦታ ከድቷል ማለት ነው። ክፍያው ያለቀው ባለፈው ወር ቢሆንም እንኳ ሂዱ። አንድ ጠርሙስ ይዞ የሚመለስ ሥራ ተቋራጭ ቀጥሎ ያለው መንደር ይፈልገዋል፤ ይህንንም ለሊቀ መንበራችሁ ደጋግማችሁ ንገሩት፤ ሒሳቡን የሚያውቀው እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ጓደኛችን የእንቅልፍ ቁጥር እንመለስ። አፍሪዴቭ የሚባለውን የእጅ ፓምፕ ለማታውቁት እንግዶቻችን፣ በብዙ የገጠር ጉድጓድ ላይ የቆመው፣ እጀታው ረጅም የሆነው ነው። ሲሊንደሩ አምሳ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ እጀታው ሙሉ ለሙሉ ወርዶ ሲወጣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያነሰ ውሃ ያነሣል። ስለዚህ አዲስ ፓምፕ ሃያ ሊትር ለመሙላት አርባ አምስት ጊዜ ያህል ይፈልጋል። ጓደኛችን በእንቅልፉ አርባ አምስት ላይ ደርሶ ዝም ይል ነበር፤ ጀሪካኑ ሞልቶለት ነው። ዛሬ ለፓምፕ ጥገና በተመደቡት በስምንቱ መካከል አለ፤ ከእርሱ የሚሻል አይገኝም።

ይህች ቁጥር ግን ለቀልድ ብቻ አይደለችም። ፓምፕ በአንድ ቀን አይሞትም፤ እየደከመ ይሄዳል፤ መድከሙንም ለሚቆጥር ሰው ይናገራል። በጥር አርባ አምስት የነበረው በሰኔ አምሳ አምስት፣ በመስከረም ስልሳ አምስት ከሆነ፣ ውሃውም ወዲያው እየወጣ ነገር ግን በያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ከሆነ፣ ዩ-ሲል የምትባለው የጎማ ቀለበት አልቃለች። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየርም አለባት። ጠዋት ሲጀመር ብዙ ጊዜ ተጭኖ ውሃ ካልመጣ፣ ከመጣ በኋላ ግን እንደ ወትሮው ከሆነ፣ ሌሊት ውሃው ወደ ጉድጓዱ ተመልሷል፤ እንግዲያው የሚመረመረው ፉት ቫልቩ ወይም የቧንቧው መጋጠሚያ ነው። እጀታው ድንገት ቀሎ ውሃ ፈጽሞ ከጠፋ ዘንጉ ተላቋል ወይም ተሰብሯል። በደንብ ጀምሮ ጥቂት ቆይቶ አየር እየተፋ የሚቆም፣ አርፎ ደግሞ የሚሠራ ከሆነ ግን ፓምፑን አትፍቱት፤ ያለቀው በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ፓምፑ ምንም አላደረገም።

የጥገና ጓደኞቻችን ይህን ሁሉ ያውቁታል። የምንላቸው ይህ እውቀት በእነርሱ ደብተር ውስጥ እንዳይቀር ነው። ከእያንዳንዱ ፓምፕ ዘንድ የምታድር አንዲት ሴት ወይም አንድ ሰው አለ፤ ቁልፉን የምትይዘው፣ የቦኖውን ሣንቲም የምትሰበስበው። ለእርሷ አንድ ደብተር ስጧትና በወር አንድ ጊዜ ሃያው ሊትር በስንት እንደሚሞላ ቆጥራ እንድትጽፍ አሳዩአት። ማንበብ ባትችል በከሰል መስመር ታሥምር። ከዚያም ቁጥሩ ወደ ስልሳ ሲጠጋ ለውሃ ኮሚቴው ትናገራለች፤ ኮሚቴውም ካጠራቀመው ላይ አንዲት ቀለበት ይገዛል። አፍሪዴቭ ሲሠራ የታሰበው የመንደር ሰው ራሱ እንዲፈታው ነው፤ ፕለንጀሩና ፉት ቫልቩ ቧንቧው ሳይነቀል በላይ በኩል ይወጣሉ። ፉት ቫልቩን ለማውጣት የሚወርደውን መንጠቆ በክፍል ውስጥ «ማጥመጃ» ስንለው ከሐይቅ አገር የመጣ ጓደኛችን ስንት ዓሣ ይይዛል ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱን ዛሬ እንስጠው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፣ እሱም አይበላም።

ወደ ስምጥ ሸለቆ የምትሄዱት ሁለት እኅቶቻችን፣ እናንተ የምታገኙት ውሃ ዓይን አይቶ የማይፈርድበት ነው። ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ግን ፍሎራይዱ የበዛ ጉድጓድ ይገጥማችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ የበለጠውን ለዓመታት የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል፤ እጅግ ከበዛም አጥንት ይጎዳል። የመንደሩ ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸውን ተመልከቱ፤ ካያችሁት ናሙና ሳይመረመር ፓምፕ አትግጠሙ። «አፍልተን እንጠጣ» ለሚሏችሁም በአክብሮት አስረዱ፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ እንዲያውም የቀረው ይበልጥ ይወፍራል።

አንዱ ጓደኛችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የውሃ ምሕንድስና ሊማር ነው። ለእርሱ ብዙ ማለት አያስፈልገንም፤ ገና አራትና አምስት ዓመት ሲመከር ይኖራል። ስለ ግፊት በሚያምር ቀመር ሲያስተምሩት ግን፣ ከተራራ ወደ ቆላ 180 ሜትር ቁልቁል የወረደው መስመር በልምምድ ቀን እንዴት እንደ ጮኸ ያስታውስ። አሥር የግፊት ደረጃ የተጻፈበት ቧንቧ የሚችለው ወደ መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። ከመካከል ውሃው ዐርፎ እንደገና የሚጀምርበት ሣጥን ካልተሠራ ቧንቧው ከታች ይፈነዳል። ጓደኛችን ለዚያ ድምፅ በጣም ቅርብ ቆሞ ነበርና የሚረሳው አይመስለንም፤ ልብሱም ሦስት ቀን አልደረቀም።

ሁለት ደግሞ አሉ፤ በግልጽ እንድንናገር ፈቅደውልናል። ወደ አረብ አገር ሊሄዱ ነው። ትናንት ማታ ከሁሉ በላይ የተከራከርነው ስለዚህ ነበር። አንዳንዶቻችን ሁለት ዓመት የተማረ እጅ ለምን ይሄዳል አልን፤ እነርሱም የታናናሾቻቸውን ቁጥርና የአባታቸውን ዕዳ ቆጠሩልን፤ እኛም ዝም አልን። ስለዚህ ዛሬ ወቀሳ አንጨምርባቸውም። ውል ያለው መንገድ ያዙ፤ የውሉንና የፓስፖርታችሁን ግልባጭ ከእናታችሁ ዘንድ ተዉ፤ ይህን የምስክር ወረቀት አስተርጉማችሁ ያዙ፤ በዚያም አገር ውሃ በቧንቧና በፓምፕ ነው የሚሄደው፤ ሕንጻው በረዘመ ቁጥር ሠራተኛ ይፈልጋል።

ነገር ግን አንድ ልመና አለን። ገንዘብ ስታገኙ ለአባታችሁ የሞተር ፓምፕ መላክ ያምራችኋል፤ ብዙ ልጅ ልኳል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ደውሉና ከፓምፑ መቀመጫ እስከ ውሃው ድረስ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁ፤ በገመድና በድንጋይ ይለካል። በላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያነሣው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ አየሩን ከቧንቧው ያስወጣል፤ ውሃውን ከሥር የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ አየሩ ከባድ ስለሆነ እስከ ሰባት ሜትር ያህል ይስባል። በእኛ ደጋ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ላይ፣ አየሩ ስስ ነው፤ አምስት ሜትር ቢስብ ደኅና ነው። ሻጩ በዚያ በባሕር ዳር ሱቁ ሞክሮ ቢያሳያችሁ እውነቱን ነው፤ በእርሱ ዘንድ ይሠራል። አባታችሁ ዘንድ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ ውሃው ግን አይወጣም፤ ጎረቤቱም ልጁ የተበላሸ ዕቃ ላከለት ይላል። ውሃው ከዚያ የጠለቀ ከሆነ ፓምፑ ራሱ ወደ ውሃው መውረድ አለበት፤ ወይም ከጉድጓዱ ውስጥ በድርድር ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ጭሱ ግን ሰው ይገድላልና የነዳጅ ሞተር በምንም ዐይነት ወደ ጉድጓድ አይውረድ። ይህን ለታናሽ ወንድሞቻችሁ ገና ዛሬ ንገሯቸው፤ እነርሱ ናቸው የሚያወርዱት።

የቀሩት ሦስቱ ወደ አባታቸው እርሻ ይመለሳሉ። ሰው «ታዲያ ለምን ተማሩ?» ይላቸዋል፤ አንዱን ከወዲሁ ብለውታል። ከሁላችን በፊት ምንጩ አጠገብ የሚኖሩት ግን እነዚህ ናቸው። ከምንጩ በላይ መጸዳጃ የሚቆፍር ጎረቤት ሲመጣ በዚያው ቀን የሚያየው የወረዳው ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ እነርሱ ናቸው። ጉድጓዱን ከምንጩ በታች ወይም ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ራቅ አድርጎ እንዲቆፍር በቡና ላይ የሚያስማሙትም እነርሱ ናቸው። ደግሞም ሚያዝያ ሲመጣ ጀሪካኑን አስቀምጦ ሰዓት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሌሎቻችን በየሥራችን እንሆናለንና በየዓመቱ ለክታችሁ ቁጥሩን ላኩልን። በተከታታይ ዓመታት አምሳው ሴኮንድ ስልሳ፣ ስልሳው ሰባ እየሆነ ቢሄድ፣ ተራራው ላይ ያለው ደን ምን እንደሆነ የምትነግሩንም እናንተ ናችሁ።

ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁን ከእርሻ ሥራና ከከብት ጥበቃ ላይ አንሥታችሁ ሁለት ዓመት ስትጠብቁ ምን ያህል እንደ ተቸገራችሁ እናውቃለን። ከመካከላችሁ አንዲት እናት በበጋው ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከጉድጓድ ሥር በገመድ ሲወርድ ቢያዩት ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው «ይህን ለመማር ነው ከቤት የወጣኸው?» አሉ። አሁን እዚያ ጥግ ተቀምጠው እየሳቁ ናቸው። እማማ፣ ልጅዎ በስምንቱ የጥገና ሠራተኞች ውስጥ ነው፤ ገመዱንም ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይዞለታል፤ ከላይ ሁለት ሰው ሳይቆም ማንም ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ ይህ የማሠልጠኛው ሕግ ነው። ከመውረዱም በፊት ሻማ ወይም ፋኖስ በገመድ ይወርዳል፤ ከጠፋ አየሩ አይበቃምና ማንም አይገባም። ሲተኙ ይህን አስበው ይተኙ።

ንግግራችንን ከማብቃታችን በፊት ከንብረት ክፍል የተላከ ማስታወቂያ አለ። የነገው መኪና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከበሩ ይነሣል፤ የወረዳ ተመዳቢዎች ሻንጣቸውን ዛሬ ማታ ያስጭኑ። በተደረገው ቆጠራ ሁሉም መሣሪያ ተሟልቶ ተገኝቷል፤ የጎደለው አንድ የሠላሳ ሜትር ሜትርና ያቺ በሚስማር የተጫረች ጀሪካን ብቻ ናቸው። ሜትሩ በማን ሻንጣ ውስጥ እንዳለ አናውቅም፤ ንብረት ክፍሉ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ጀሪካኗን ግን ወደ እርሻ የሚመለሱት ሦስቱ አስፈርመው ወስደዋታል።